የ9 ገጹን ጽሑፍ በ120 ቃል ሳሳጥር ጸሐፊው «ይህን እኔ አላልኩም» አሉኝ

ንብ_ማርቆስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ የአርሶ አደሮች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በየወሩ የምትወጣ ባለ አራት ገጽ ዜና መጽሔት አዘጋጃለሁ። በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ትለጠፋለች፤ በቴሌግራምም ትላካለች። ብዙው ሰው የሚያነባት ቆሞ ስለሆነ አንድ ዜና ከ120 ቃል እንዳያልፍ ተነግሮኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአፈር ባለሙያ ስለ አሲዳማ መሬትና ስለ ኖራ የጻፉት 9 ገጽ ጽሑፍ ደረሰኝ። አሳጠርኩትና ከመታተሙ በፊት ላኩላቸው። በማግሥቱ ደውለው «ይህን እኔ አላልኩም፤ በስሜ እንዳይወጣ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከጽሑፋቸው ጋር አመሳከርኩ፤ ከራሴ ያመጣሁት አንድም የለም። ሁሉም ከእርሳቸው ገጽ የተወሰደ ነው። ያሳጠርኩት ይህ ነው፦

> ኖራ የገብስን ምርት በእጥፍ ያሳድጋል
> በአሲዳማ መሬት ላይ ኖራ መጨመር የገብስን ምርት በእጥፍ እንደሚያሳድግ ተረጋገጠ። በሦስት ቀበሌዎች በተደረገ ሙከራ 64 በመቶ የሚሆኑት አርሶ አደሮች ምርታቸው ጨምሯል። በሄክታር 11 ኩንታል ይሰጥ የነበረ መሬት 22 ኩንታል ሰጥቷል። ባለሙያው እንዳረጋገጡት በሄክታር 30 ኩንታል ኖራ መበተን መሬቱን ያድናል። አርሶ አደሮችም የማዳበሪያ ወጪያቸው እንደሚቀንስ ገልጸዋል።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በሦስት ቀበሌዎች 14 አርሶ አደሮች የገብስ ማሳቸውን ለሁለት ከፍለው በግማሹ ላይ ኖራ በተኑ። ማዳበሪያ በሁለቱም ወገን ገብቷል። በ9 ማሳ ኖራ ያገኘው ወገን በለጠ፤ በ4ቱ ያን ያህል ልዩነት አልታየም፤ አንዱ ውኃ የተኛበት ማሳ ስለነበር ቀነሰ። ከ9ኙ በ8ቱ ብልጫው በሄክታር ከ2 እስከ 6 ኩንታል ነው። አንዱ ብቻ ከ11 ወደ 22 ዘለለ። የኖራው መጠን በየማሳው የአፈር ምርመራ ተወስኖ ከ18 እስከ 35 ኩንታል ይደርሳል። ሙከራው የአንድ መኸር ብቻ ነው። ስለ ማዳበሪያ ወጪ የተናገሩት አንድ አርሶ አደር ናቸው።

ስህተቴ የት ላይ ነው? የሚያትመው ቤት እስከ ዓርብ ነው የሚጠብቀኝ።

---

ቡሬ_ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

ወንድሜ፣ ይህ ቀላል ነገር ነው። ሰው የሚሳሳተው በራሱ ቃል ሲጽፍ ነው። ዋና ዋናዎቹን አረፍተ ነገሮች ምረጥ፣ እንዳሉ ገልብጥ፣ ደርድራቸው። የራሳቸው አረፍተ ነገር ከሆነ «አላልኩም» ማለት አይችሉም። እኔ የመሥሪያ ቤታችንን ሪፖርት ለስድስት ዓመት ያሳጠርኩት እንዲህ ነው፤ ማንም ከሶኝ አያውቅም።

---

ፍኖተ_ሰላም_በቆሎ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን መረጃ ስፈልገው ነበር። የእኔ መሬት ቀይ አፈር ነው፤ በቆሎው ከዓመት ዓመት እያነሰብኝ ነው። ሠላሳ ኩንታሉን ከየት ነው የምገዛው? ደጀን በኩል የኖራ ድንጋይ ይፈጫል ሲባል ሰምቻለሁ። ለማዳበሪያ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ወደ ኖራው ባዞረው ይበቃኛል ወይ? መጓጓዣውንም የምታውቁ ንገሩኝ።

---

አዘጋጁ_ጡረተኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ንብ፣ ከእኔ በላይ ያለውን የፍኖተ ሰላሙን ወንድማችንን መልእክት ደግመህ አንብብ። ባለሙያው ለምን እንደ ተቆጡ እዚያ ውስጥ አለልህ። ለእኒህ ሰው የጽሑፉን ፍሬ ነገርም ከሥር አስፍረህላቸዋል፤ ከአእምሮአቸው የቀረው ግን ያንተ አምስት መስመር ነው። በቆሎ ይዘራሉ፤ ጽሑፉ ስለ ገብስ ነው። ሠላሳ ኩንታል ሊገዙ ነው፤ አፈራቸውን ግን ማንም አልመረመረውም። የማዳበሪያውን ገንዘብ ወደ ኖራ ሊያዞሩ ነው፤ በሙከራው ግን ማዳበሪያ ያላገኘ ማሳ አልነበረም። (ወንድሜ፣ እባክዎ እስክንጨርስ ምንም አይግዙ። የማዳበሪያውንም ገንዘብ አይንኩት።)

እኔ ጋዜጣ ቤት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። የረጅም ጽሑፍ ማሳጠር ላይ ሰው የሚሳሳተው በሐሰት ቁጥር አይደለም። ያንተም ቁጥር ሁሉ እውነት ነው። የተሳሳትከው ቁጥሩን ከታሰረበት ገመድ ፈትተህ ስለወሰድከው ነው። «22 ኩንታል» ብቻውን ምንም አይደለም። ማን ማሳ ላይ፣ ከስንት አንዱ፣ ምን ምን ተደርጎለት የሚሉት ሦስቱ አብረውት ካልሄዱ ሌላ ቁጥር ይሆናል።

እኔ ለወጣት ጸሐፊዎች አንድ ነገር ብቻ እነግራቸው ነበር። ቦታ ሲጠብ ሙሉ ሐሳብ ጣል፤ ከሐሳብ ላይ ቅድመ ሁኔታውን አትቁረጥ። ከአሥር ሐሳብ ሰባቱን ብትተው አንባቢው ያላነበበው ነገር አለ እንጂ የተሳሳተ ነገር አልያዘም። አሥሩንም ይዘህ ከእያንዳንዱ ላይ «በአንዳንድ ማሳ»፣ «በአንድ ዓመት»፣ «ከማዳበሪያ ጋር» የሚለውን ብትልጥ ግን አሥር ስህተት ሰጥተኸዋል። አንተ ያደረግኸው ይህን ነው፤ አምስቱም አረፍተ ነገሮችህ የተላጡ ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከ11 ወደ 22 ስለዘለለው ማሳ ጽሑፉ ሌላ ምን ይላል? እንዲህ ያለ ለብቻው የዘለለ ቁጥር ሳይ ሁልጊዜ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ እፈልጋለሁ።

---

ንብ_ማርቆስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22

ጋሼ፣ አሁን ገልጬ አየሁት። ገጽ 6 ላይ «በአንድ ማሳ ምርቱ በሄክታር ከ11 ወደ 22 ኩንታል ከፍ ብሏል» ይላል። ከዚያ ስለ ዝናቡ ሁለት አረፍተ ነገር አለ። ቀጥሎ «የዚህ ማሳ ባለቤት ኖራ በበተኑበት ወገን አዲስ የገብስ ዘር ስለተጠቀሙ ጭማሪው ከኖራው ይሁን ከዘሩ ለይቶ መናገር አይቻልም» ይላል።

አንብቤው ነበር። ሳሳጥር ግን የመጀመሪያውን ብቻ ቀለም ቀብቼ አለፍኩ።

---

አዘጋጁ_ጡረተኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

አየህ። እዚህ ላይ የቡሬው ወንድማችን ምክር ግማሹ ልክ፣ ግማሹ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቃል በቃል መውሰድ የጸሐፊውን ቃል ከመለወጥ ያድናል፤ እውነት ነው፤ በተለይ የሕግና የመድኃኒት ጽሑፍ ላይ። ነገር ግን «በአንድ ማሳ ምርቱ ከ11 ወደ 22 ከፍ ብሏል» የሚለውን እንዳለ ብትገለብጠውም ሦስት አረፍተ ነገር ወረድ ብሎ የሚመልሰውን ቃል ጥለህ ትሄዳለህ። ረጅም ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ሐሳቡን በአንቀጽ ውስጥ ያሰፋዋል፤ መጀመሪያ ያነሣውን በኋላ ያስተካክለዋል። ስለዚህ የምትወስደው አረፍተ ነገር ሳይሆን ሐሳቡን ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ አንዳንዴ በሁለት ገጽ ላይ ተበትኖ ይገኛል።

---

ቡሬ_ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡58

እሺ፤ የሪፖርቱና የምርምሩ ነገር እንደሚለያይ ገባኝ። የእኛ ሪፖርት እያንዳንዱ አረፍተ ነገር ለብቻው የቆመ ነበር። ቢሆንም ቁጥር ያለበትን አረፍተ ነገር በራስ ቃል መጻፍ አሁንም ያስፈራኛል።

---

እንዶድ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ነርስ ነኝ፤ ግብርና አላውቅም። ግን ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ ብሎኝ ልጽፍ ተነሣሁ።

የምሠራበት ጤና ተቋም በየሩብ ዓመቱ ለእናቶች አንድ ወረቀት ያወጣል። አንድ ጊዜ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የተጻፈ ረጅም መመሪያ አሳጥሬ አንድ አንቀጽ እንዳደርግ ተሰጠኝ። መመሪያው ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ኦ አር ኤስ እየተሰጠው ዚንክ ለአሥር ቀን ይወስዳል ነው የሚለው። ኦ አር ኤስን እናቶች ሁሉ ያውቁታል፣ አዲሱ ነገር ዚንኩ ነው ብዬ አሰብኩና «ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ዚንክ ለአሥር ቀን ይሰጣል» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የለበትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ ሳደርገው ቶሎ አልተመለሰም። «ምን ሰጠሽው?» ስላት ወረቀታችንን ከመቀነቷ ፈትታ አሳየችኝ። ዚንኩን በሰዓቱ እየሰጠችው ነበር። ኦ አር ኤሱን «ድሮ የነበረው ነው፤ አሁን በዚንክ ተተክቷል» ብላ ትታዋለች። እኔ «ተተክቷል» አላልኩም። ግን ባልጽፈው እርሷ ሞላችው። ልጁ በጊዜ ስለመጣ ዳነ፤ እኔ ግን ያንን ወረቀት እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

እና ጋሼ፣ «ሙሉ ሐሳብ መጣል አያሳስትም» ባሉት ላይ ትንሽ ልለይ። አብረው የሚሄዱ ሁለት ነገሮች ካሉ አንዱን መተው አንባቢው የተተካ እንዲመስለው ያደርጋል።

---

አዘጋጁ_ጡረተኛ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እንዶድ፣ ልክ ነሽ፤ አስተካክለሽኛል። ኦ አር ኤሱ የዚንኩ ቅድመ ሁኔታ ነው ብዬ እከራከር ነበር፤ ነገር ግን ያሳጠረው ሰው ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች አድርጎ ካያቸው የእኔ ደንብ አያድነውም። ማዳበሪያውና ኖራውም እንዲሁ ናቸው። ንብ ስለ ማዳበሪያ ምንም ባይጽፍ ኖሮ እንኳ የፍኖተ ሰላሙ ወንድማችን ገንዘቡን ያዞሩት ይሆናል።

አሁን ደግሞ ወደ ቋንቋው ልግባ፤ ምክንያቱም በአማርኛ ይህ ስህተት የሚሠራበት የራሱ ቦታ አለው። እኛ እርግጠኝነታችንን የምናስቀምጠው በግሡ ላይ ነው፤ ግሡ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ጨመረ»፣ «ይጨምራል»፣ «ሊጨምር ይችላል»፣ «ሳይጨምር አይቀርም» አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለሙያው በአብዛኛው የጻፉት «ጨመረ»፣ «ጨምሯል» እያሉ ነው፤ በእነዚህ ማሳዎች፣ በዚያ መኸር የሆነውን ነገሩን። አንተ ርዕሱ ላይ «ያሳድጋል» አልክ። «ያሳድጋል» ማለት የትም፣ መቼም፣ ለማንም ነው። አንድ ቃል ሳይጨመር ከ14 ማሳ ተነሥቶ አገር አዳረሰ።

ሁለተኛው «አረጋገጠ» የሚለው ግስ ነው። በዜና አጻጻፋችን «አለ» የሚለውን መድገም ስለሚያሰለች «ገለጸ»፣ «አስታወቀ»፣ «አመለከተ»፣ «አረጋገጠ» እያልን እንቀያይራለን፤ ለጆሮ እንዲያምር ብቻ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አድርጌአለሁ። ነገር ግን አንድ አይደሉም። «አረጋገጠ» ብለህ ስትጽፍ ነገሩ እውነት ነው ብለህ አንተ ራስህ እየመሰከርክ ነው። ባለሙያው «የሚያመለክት ይመስላል» ያሉትን «አረጋገጡ» ካልክ እምነታቸውን ከፍ አደረግኸው። ጽሑፉ ውስጥ «አረጋግጠናል» የሚል ቃል ካለ ብቻ ተጠቀምበት።

ሦስተኛው የብዙ ቁጥር ነው። «አርሶ አደሮችም ገልጸዋል» ብለሃል። የተናገሩት አንድ ሰው ናቸው። እኒያ ሰው ያሉትን ቃል ከገጹ ላይ ልታሰፍርልን ትችላለህ?

---

ንብ_ማርቆስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

«ወደ ፊት የማዳበሪያ ወጪዬ ይቀንስልኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።» ይህ ነው። ከሥሩ ባለሙያው በራሳቸው ቃል «ይሁን እንጂ ኖራ ማዳበሪያን አይተካም» ብለው ጽፈዋል።

ተስፋቸውን ወስጄ የሁሉም አርሶ አደሮች መግለጫ አድርጌዋለሁ። አሁን ሳየው አፈርኩ።

---

ጮቄ_ግርጌ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ጮቄ ተራራ ሥር ነው የምሠራው። ክርክራችሁን አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር እያያችሁ አይደለም።

ደጋው ላይ ዝናቡ ከአፈሩ ውስጥ ካልሲየሙን እያጠበ ይወስደዋል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየሙ ሟሙቶ የገብሱን ሥር ያሳጥረዋል፤ ፎስፎረሱም በአፈሩ ተይዞ ስለሚቀር ተክሉ አያገኘውም። ስለዚህ ነው አንዳንዱ አርሶ አደር ገብሱን ትቶ ግብጦና ድንች ብቻ የቀረው። ኖራ ይህን እንደሚያስተካክል ድሮም የታወቀ ነው፤ ከዚህ ሙከራ የተገኘ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ በየስብሰባው አርሶ አደሩን ኖራ እንዲጠቀም የምለምነው በዚህ ምክንያት ነው። እናንተ «በአንዳንድ ማሳ»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «የአንድ ዓመት ብቻ» እያላችሁ ብትጽፉ ሰሌዳ ሥር ቆሞ የሚያነብ ሰው «እነርሱም አያውቁትም» ብሎ ይሄዳል። ኖራ ከባድ ነው፤ በአህያ ተጭኖ ነው ማሳ የሚደርሰው። ሰው ለዚህ ድካም የሚነሣው እርግጠኛ ነገር ሲነግሩት ነው።

---

አዘጋጁ_ጡረተኛ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

ወንድሜ፣ የሚሉትን ሁሉ አምናለሁ። ኖራ ይሠራል። ነገር ግን ንብ የተጠየቀው «ኖራ ይሠራል ወይ?» ተብሎ አይደለም፤ እኒህ ባለሙያ በዚህ ጽሑፍ ምን አሉ የሚለውን እንዲነግረን ነው። ከሌላ የሚያውቁት እውነት ካለ በሌላ ዓምድ፣ በእርስዎ ስም ይውጣ፤ ደስ ይለኛል። በእርሳቸው ስም፣ በ14 ማሳ ላይ ተደግፎ ከወጣ ግን ማሳው የማይችለውን ሸክም ነው የጫንበት።

ደግሞም «በእጥፍ» ብለን የላክነው ሰው ሦስት ኩንታል ብልጫ ሲያገኝ ምን ይላል? ሦስት ኩንታል ጥሩ ነገር ነው፤ በእጥፍ ለተነገረው ሰው ግን ኪሳራ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአህያ ጭነቱን የሚከለክለው እርስዎ የሚፈሩት «ምናልባት» ሳይሆን የእኛ «በእጥፍ» ነው።

---

ጮቄ_ግርጌ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40

የመጨረሻው ነጥብ እውነት አለው፤ እንዲህ ያለ ቅሬታ ደርሶብኛል። ግን «ምናልባት» የበዛበት ወረቀት ሰውን እንደማያስነሣ አሁንም አምናለሁ። በዚህ አንግባባም።

---

እንዶድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

«ምናልባት» መደርደር ሳያስፈልግ ቁጥሩን ራሱን ቢነግሯቸውስ? «ከ14 በ9ኙ» የሚለው ፍርሃት የለበትም። ሰውም ይገባዋል፤ ከአሥራ አራት በሬ ዘጠኙ ጎበዝ ነው እንደ ማለት ነው። «64 በመቶ» ሲባል ግን እኔ ራሴ ብዙ መቶ ሰው የተጠየቀ መስሎኝ ነበር።

---

አዘጋጁ_ጡረተኛ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45

ይህ ትልቅ ነገር ነው እንዶድ። ትንሽ ቁጥርን ወደ መቶኛ መለወጥ ትንሽነቱን ይደብቀዋል። ከ14 ውስጥ አንድ ማሳ ብቻ ወደ ሌላው ወገን ቢዞር 64ቱ 57 ይሆናል፤ አንባቢው ግን «64» ሲያይ የተመዘነ፣ የተጣራ ነገር ይመስለዋል። «ከ14 በ9ኙ» ደግሞ ቃሉም ያጥራል።

ንብ፣ ዛሬ ማታ እንዲህ አድርግ። ያሳጠርከውን አንድ ጊዜ እርሳው። ጽሑፉን ከመጀመሪያው አንብብ፤ ጸሐፊው እውነት ነው ብለው ያስቀመጡት ነገር ባገኘህ ቁጥር በአንድ መስመር ጻፈው፤ ከጎኑ የገጹን ቁጥር። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አራት ነገር ሙላ፤ ማን አለው፣ ከስንት ስንቱ፣ ምን ሲሟላ፣ በምን ግስ። ባዶ የቀረብህ ካለ ተመልሰህ ገጹን እይ። ዘጠኝ ገጽ ከሆነ ከሃያ መስመር አይበልጥልህም። ከዚያ ለ120 ቃል የሚበቁትን ምረጥ፤ የመረጥከውን ከነአራቱ አስፍር። ያልመረጥከውን አትንካው።

ርዕሱን መጨረሻ ላይ ጻፈው። ብዙ ሰው ርዕሱን መጀመሪያ ይጽፍና ከሥሩ ያለውን ለርዕሱ ይሠዋዋል። ሰሌዳ ሥር የሚያልፈው ሰው ደግሞ ርዕሱን ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው።

---

ንብ_ማርቆስ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተቀምጬ 17 መስመር ወጣልኝ። ከ17ቱ ስድስቱን ወሰድኩ። ስለ አፈሩ ኬሚካል፣ ስለ መጓጓዣው፣ ስለ ዝናቡ የሚሉትን ሙሉ በሙሉ ተውኩ። እንዲህ ሆነ፦

> በ14 ማሳ ኖራ ተሞክሮ በ9ኙ የገብስ ምርት ጨመረ
> ባለፈው መኸር በሦስት ቀበሌዎች 14 አርሶ አደሮች የገብስ ማሳቸውን ለሁለት ከፍለው በግማሹ ላይ ኖራ በትነዋል። ማዳበሪያ በሁለቱም ወገን ገብቷል። በ9 ማሳ ኖራ ያገኘው ወገን የበለጠ ምርት ሰጠ፤ ከ9ኙ በ8ቱ ብልጫው በሄክታር ከ2 እስከ 6 ኩንታል ነበር። በ4 ማሳ ልዩነት አልታየም፤ ውኃ በተኛበት በ1 ማሳ ቀንሷል። የኖራው መጠን የተወሰነው በአፈር ምርመራ ስለሆነ ከማሳ ማሳ ይለያያል። ጸሐፊው ኖራ ማዳበሪያን እንደማይተካ ጽፈዋል፤ የአንድ ዓመት ውጤት በመሆኑም ሙከራው መደገም አለበት ብለዋል። ኖራ ለመጠቀም የሚያስብ አርሶ አደር አስቀድሞ አፈሩን ያስመርምር።

---

አዘጋጁ_ጡረተኛ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30

በርታ፤ ይህ ሌላ ጽሑፍ ነው። ሁለት ነገር ላንሣ።

የመጨረሻው አረፍተ ነገር የማን ነው? በ17ቱ መስመር ውስጥ አለ? ከሌለ ምክሩ ያንተ ነው። ጥሩ ምክር ነው፤ ነገር ግን በጸሐፊው ሐሳብ ጭራ ላይ ስለተቀጠለ የእርሳቸው ይመስላል። ወይ ጠይቀህ አስፈቅድ፣ ወይ መስመር ዝለልና «ከአዘጋጁ» በል።

ሁለተኛ፣ «በ4 ማሳ ልዩነት አልታየም» ብለሃል። መጀመሪያ ላይ ስትነግረን «ያን ያህል ልዩነት አልታየም» ነበር ያልከው። የትኛው ነው የእርሳቸው ቃል?

---

ንብ_ማርቆስ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡55

ገጽ 5፦ «በ4 ማሳዎች የታየው ልዩነት አነስተኛ በመሆኑ ከኖራው ነው ለማለት አያስደፍርም»። ስለዚህ «አልታየም» ማለቴም ስህተት ነው፤ በሌላ አቅጣጫ። «በ4 ማሳ ልዩነቱ አነስተኛ ነው» አድርጌዋለሁ። ምክሩንም መስመር ዘልዬ «ከአዘጋጁ» ብያለሁ።

የከበደኝ ሌላ ነገር አለ። በእጥፍ የጨመረውን ማሳ ሙሉ በሙሉ ተውኩት። ባለቤቱን የሚያውቅ ሁሉ ነገሩን ሰምቷል፤ «ለምን ደበቃችሁት?» የሚል እንዳይመጣ።

---

ቡሬ_ሰው | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ግባ እላለሁ። አካባቢው የሚያወራው ነገር ወረቀቱ ላይ ከሌለ ሰው ወረቀቱን አያምንም። «በአንዱ ማሳ በእጥፍ ጨምሯል፤ አዲስ ዘርም ስለተዘራበት ከየትኛው እንደሆነ አይለይም» ቢባል አሥር ቃል ነው። ቆጥሬዋለሁ።

---

አዘጋጁ_ጡረተኛ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡45

እኔ ደግሞ እተወዋለሁ። «በእጥፍ» የሚለው ቃል አንዴ ወረቀቱ ላይ ካረፈ ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ ይውጠዋል፤ ቆሞ የሚያነብ ሰው እርሱን ይዞ ነው የሚሄደው። ቢሆንም የቡሬው ወንድማችን ያሉት ቀላል ነገር አይደለም። «ከ9ኙ በ8ቱ» ብሎ ጽፎ ስለ ዘጠነኛው ዝም ማለትም የሚያስጠይቅ ነው። ንብ፣ ይህን ለጸሐፊው ተውላቸው።

---

ጮቄ_ግርጌ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡10

እኔም ይግባ ከሚሉት ጋር ነኝ። አርሶ አደሩ ዘሩንና ኖራውን አብሮ ቢያስብ ምን ይጎዳል? በሚቀጥለው ወር ደግሞ ስለ ኖራ በራሴ ስም የምጽፈው አንድ ዓምድ ስጠኝ፤ ጋሼ እንዳሉት።

---

ንብ_ማርቆስ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡35

ዓምዱ የእርስዎ ነው።

ላክሁላቸው፤ አሁን ደወሉልኝ። ርዕሱን ወደዱት። «መደገም አለበት» የሚለውን «ቢደገም ይመረጣል» አስደረጉኝ፤ ያን ያህል አጥብቀው አልጻፉም ነበር። ስለ ዘጠነኛው ማሳ ጠየቅኋቸው፤ ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እኔም ጽሑፉ ውስጥ ላስገባው ወይስ ልተወው እያልኩ ሁለት ሳምንት ተጨንቄበታለሁ፤ ዛሬ ማታ አስቤበት ልንገርህ» አሉኝ።

የፍኖተ ሰላሙ ወንድማችን፣ አሁንም እዚህ ካሉ አንድ ነገር ልለምንዎ። አዲሱን ያንብቡና ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ። ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ ይተዉት።

---

ፍኖተ_ሰላም_በቆሎ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15

አነበብኩት። ስለ ገብስ ነው የሚያወራው፤ የእኔ በቆሎ ስለሆነ ይሠራ አይሠራ ከዚህ ማወቅ አልቻልኩም። ማዳበሪያው አይቀርም ይላል፤ ስለዚህ ገንዘቡን አላዞረውም። ኖራው ስንት እንደሆነ አልተናገረም፤ አፈር ይመርመር ነው የሚለው። ቅዳሜ ወደ ከተማ ስለምወጣ ከማሳዬ ትንሽ አፈር ቋጥሬ ልሂድ ብዬ ነው። ከአንድ ቦታ ነው የሚዘገነው ወይስ ከብዙ?

---

ጮቄ_ግርጌ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

ከብዙ ቦታ ነው ወንድሜ። በማሳው ላይ እየተጠማዘዙ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ቦታ ያንሡ፤ ከላይ ሣሩንና ገለባውን ገፍተው፣ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ቆፍረው። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ውስጥ ይቀላቅሉና ከዚያ አንድ ኪሎ ያህል በንጹሕ ከረጢት ይያዙ። ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያ እንዳይሆን። አመድ ከሚደፋበትና ከብት ከሚያድርበት ቦታም አይውሰዱ። ከረጢቱ ላይ ስምዎን፣ ቀበሌዎንና የማሳውን ስም ጽፈው ይስጡ።